አንድ ቪዲዮ፣ ሁለት ርዕስ

በመቱና በያዮ መካከል ካለችው ሁሩሙ የቡና ለቀማ የሚያሳይ ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ወጣ እንበል። ርዕሱ አማርኛ ነው። ጀርመን ያደገች የሁሩሙ ልጅ ግን ስልኳም ፍለጋዋም በጀርመንኛ ነው። ለእሷ የተበጀውን መላ እወደዋለሁ። የቪዲዮው ባለቤት YouTube Studio ውስጥ ገብቶ የቪዲዮውን ዋና ቋንቋ ይመርጣል፤ ከዚያ ጀርመንኛን ጨምሮ ርዕሱንና መግለጫውን ይተረጉማል። ቪዲዮው ግን ያው አንዱ ነው፤ ሁለተኛ ቅጂ አይጫንም፤ የተመልካቹ ቁጥርና አስተያየቱም አይበተንም።

ጥንቃቄ የሚሻው የቦታ ስም ነው። መቱ በላቲን ፊደል Metu፣ Mettu፣ Mattu እየተባለ ይጻፋል። ርዕሱ ከ100 ሆሄ ስለማያልፍ አንዱን እዚያ፣ ሌሎቹን መግለጫው ውስጥ ማስገባት ይበጃል። በሽፋን ምስሉ ላይ የተጻፈው ግን ርዕሱ ስለተተረጎመ አብሮ አይለወጥም (ምስሉ ላይ ጽሑፍ ባይበዛ ደግ ነው)።

«ተረጎምኩ፣ ግን አልታየኝም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው አማርኛ በተመረጠበት ስልኩ ነው። የዩቲዩብን ቋንቋ ለጊዜው ወደ ጀርመንኛ ቀይረው ይዩት።