በእርሳስ የሚከተሉት ጥሪ

በጎንደር ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ የፕሮግራሚንግ ክፍል፣ ከወረቀት ፈተናዎች ሁሉ የማደንቀው ይህን ነው፦ f(3) ምን ያትማል?

```
void f(int n) {
  if (n == 0) return;
  cout << n << " ";
  f(n - 1);
  cout << n << " ";
}
```

የቸኮለ ተማሪ 3 2 1 ብሎ ያቆማል፤ f(0) ሲመለስ ሁሉም ያለቀ ይመስለዋል። እርሳስ ይዞ የሚከተል ግን ለእያንዳንዱ ጥሪ አንድ መስመር ይጽፋል። f(3) 3ን አትሞ f(2)ን ይጠራና ይጠብቃል፤ f(2) 2ን፣ f(1) ደግሞ 1ን አትመው እንዲሁ ይጠብቃሉ። f(0) ምንም ሳያትም ይመለሳል።

የሚያስደስተኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የሚጠብቁት ጥሪዎች እንደተደራረበ እንጀራ ናቸው፤ መጨረሻ የመጣው መጀመሪያ ይነሳል። f(1) ካቆመበት ቀጥሎ የራሱን 1 ያትማል፣ ከዚያ f(2) 2ን፣ በመጨረሻም f(3) 3ን። እያንዳንዱ ጥሪ የራሱን n ሳይነካበት አቆይቷል። መልሱም፦

```
3 2 1 1 2 3
```

ኮዱን በኮምፒውተር ማስኬድ ይህንኑ መልስ በቅጽበት ይሰጣል፤ ሁለተኛውን 1 ያተመው የትኛው ጥሪ እንደሆነ ግን አይናገርም። ይህን የሚያሳየው በእርሳስ የተጻፈው መስመር ነው፤ ያለ እርሱ ተማሪው መልሱን ቢያውቅም፣ ጥሪው ወደ ኋላ ሲመለስ የሚሠራውን ሥራ ሳያይ ያልፋል።