«አልችለውም»

የእህቴ ልጅ በመሥሪያ ቤቷ የመዋጮ ሰብሳቢ ናት። ማን እንደሾማት አይታወቅም፤ የሰርጉ ወር ጥር በመጣ ቁጥር ግን ዝርዝሩ ከእጇ አይጠፋም። ሰሞኑን ለአንዲት ሙሽራ ስጦታ ከ18 ሰው አንድ አንድ ሺሕ ብር ስትለቅም፣ መዝገብ ቤት ከሚሠሩ አንዲት እናት በስልኳ የደረሳትን መልእክት አሳየችኝ። ጸሐፊዋ ስለፈቀዱልኝ እንዳለ ይኸው፦

«የኔ ልጅ፣ ለሙሽራዋ መዋጮ መጀመርሽን ሰማሁ፤ እግዜር ይስጥሽ። በዚህ ወር 1,000 ብሩን አልችለውም። ዕቃውን ሳትገዢ እንድታውቂው ብዬ ነው። የሰርጉ ዋዜማ ሽንኩርት ስትከትፉ ቢላዋዬን ይዤ እመጣለሁ።»

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ልማድ ሆኖብኝ እንደ ግጥም ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ዓይኔ የገባው ግሡ ነው። «አልተመቸኝም» ቢሉ በሩን ገርበብ አድርገው በተዉት ነበር፤ ሰብሳቢዋም ሰኞ ተመልሳ ታንኳኳለች። «አቅም የለኝም» ደግሞ ከአንድ መዋጮ አልፎ ኑሮን በሙሉ ይናገራል፤ ሰሚውን ያሳቅቃል። «ብሩን አልችለውም» የሚለው ስለዚያ ብር ብቻ ነው። «በዚህ ወር»ም ወሰን ታበጃለች እንጂ «በሚቀጥለው እከፍላለሁ» ብላ ዕዳ አትፈርምም።

ምክንያት አለመዘርዘራቸውንም ልብ በሉልኝ። የቤት ኪራዩ፣ የልጅ ትምህርት ቤቱ፣ ሕመሙ ቢቆጠር፣ ልጅቷ ሳትወድ በግድ ዳኛ ትሆን ነበር። መልእክቱን ሁሉም በሚያየው የቴሌግራም ቡድን ላይ አለመለጠፋቸውም ትልቅ ነገር ነው፤ እዚያ ቢወጣ ለከፈሉት ወቀሳ፣ ላልከፈሉት ሰበብ ይመስላል። ደግሞም በጊዜው ደረሰ። ሰብሳቢን የሚያስጨንቃት «እስኪ አያለሁ» ያለው ሰው ነው፤ ዕቃው ይገዛና ጉድለቱ ከእሷ ኪስ ይሞላል። ይህቺ ግን 17,000 ብሯን ቆጥራ ነው ገበያ የወጣችው።

እንከን ካላወጣሁ ተቺ አልባልምና፣ የሽንኩርቷን ነገር ነቀፍኩ። በገንዘብ ፈንታ ጉልበት እንደመክፈል መሰለችኝ። የእህቴ ልጅ ሳቀችብኝ። «ጋሼ፣ እሳቸው እኮ ብሩን ቢከፍሉም ከሽንኩርቱ አይቀሩም!» እርማቴን ሰረዝኩ።

እኔ ይህን ያህል መጻፍ አቅቶኝ ነበር። የዛሬ 30 ዓመት ገደማ፣ ጀማሪ አስተማሪ ሳለሁ፣ ጡረታ ለሚወጡ መምህሬ መዋጮ ተጠየቅኩ። ኪሴ ባዶ ነበር፤ «ነገ» አልኩ። ከዚያ ሰብሳቢውን ሽሽት ሁለት ሳምንት በጓሮው ደረጃ ወጣሁ፣ ወረድኩ። የሽኝቱ ቀን ቀረሁ። መምህሬን ከዚያ ወዲህ ዳግም አላየኋቸውም።

የእህቴ ልጅ መልስ ስትጽፍ «እኔ እሞላልዎታለሁ» ብላ ጀምራ ነበር። ያን ብትልክ ሴትዮዋ ከመዋጮው ወጥተው የእሷ ባለዕዳ ሊሆኑ ነው። አጥፊው አልኳት። ጥቂት አሰበችና ጻፈች፦

«እሺ እማማ፤ መክተፊያው ከእኛ።»