መጀመሪያ ሎቱን

ፎሬክስ መነገድ የሚያምረው ጀማሪ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የትኛው ገንዘብ ይጨምራል?» ብሎ ነው። አስተማሪ ነኝ የሚለውም ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ጥያቄ ይነሣል፤ የገበታ ሥዕል፣ መስመርና ቀስት ይዞ ይመጣል። እኔ ግን መነሻው ሌላ መሆን አለበት እላለሁ። አንድ ጀማሪ የዋጋውን አቅጣጫ በትክክል ገምቶ እንኳ ሒሳቡ ባዶ ሊቀር ይችላል፤ ይህን የሚወስነው የመረጠው የገንዘብ ጥንድ አይደለም፣ የከፈተው የሎት መጠን ነው።

ስለ ጥንዱ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ባያስተውለውም ሲኖርበት ቆይቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ዋጋ ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በዚያው ቀን በንግድ ባንክ የመግዣ ሰሌዳ ላይ ወደ 74 ብር ከ73 ሳንቲም ወጣ። ጥንድ ማለት ይኸው ነው፤ ዶላሩ ዕቃው፣ ብሩ የዕቃው ዋጋ የሚነገርበት ገንዘብ ነው። ባንኩ የመግዣና የመሸጫ ብሎ ሁለት ዋጋ እንደሚለጥፍ ሁሉ በስልክ ላይም ሁለት ዋጋ ይታያል፣ ልዩነታቸው ስፕሬድ ይባላል፣ የሚከፍለውም ነጋዴው ነው። ጀማሪው በስልኩ የሚያየው ግን አብዛኛውን ጊዜ EUR/USD ነው፤ ዩሮው ዕቃ፣ ዶላሩ ዋጋ። 1.0850 ብሎ ቢያነብ አንድ ዩሮ በአንድ ዶላር ከስምንት ሳንቲም ተኩል ይሸጣል ማለት ነው። ከነጥቡ ቀጥሎ ያለው አራተኛው አኃዝ በአንድ ሲለወጥ አንድ ፒፕ ተንቀሳቀሰ ይባላል፤ ከ1.0850 ወደ 1.0851። አምስተኛ አኃዝ ከታየ የፒፕ አንድ አሥረኛ ነውና ፒፕ ብሎ የቆጠረው ሰው ሒሳቡን በአሥር እጥፍ ይስታል። የን ባለባቸው ጥንዶች ፒፑ ሁለተኛው አኃዝ ላይ ነው።

ፒፕ ብቻውን ገንዘብ አይደለም። «ዛሬ 60 ፒፕ ሠራሁ» የሚል ሰው ምን ያህል እንዳተረፈ ገና አልተናገረም። በእንሴኖ ገበያ በርበሬ ይዞ የዋለ ነጋዴ ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል፤ የኪሎው ዋጋ በ5 ብር ቢወርድ አንድ ኩንታል የገዛው 500 ብር ያጣል፣ አርባ ኩንታል የጫነው 20,000 ብር። የዋጋው ለውጥ ለሁለቱም አንድ ነው፤ ጉዳቱን የለየው የያዙት መጠን ነው። በፎሬክስ ያ መጠን ሎት ይባላል። አንድ ሙሉ ሎት 100,000 ዩሮ ነው፤ በEUR/USD አንድ ፒፕ ሲንቀሳቀስ 10 ዶላር ያመጣል ወይም ይወስዳል። 0.10 ብሎ የጻፈ 10,000 ዩሮ ይዟል፣ ፒፑም 1 ዶላር ይሆናል። 0.01 ብሎ የጻፈ 1,000 ዩሮ ይዟል፣ ፒፑ 10 ሳንቲም ነው። በስልኩ ላይ በእነዚህ መካከል ያለው ልዩነት የአንዲት ዜሮ ቦታ ብቻ ነው፤ አደጋውም እዚያው ላይ ነው።

እያንዳንዳቸው 100 ዶላር ያላቸው ሁለት ሰዎች እንውሰድ። ሁለቱም ዩሮ ይጨምራል ብለው በ1.0850 ገዙ። ዋጋው መጀመሪያ ወደ 1.0810 ወረደ፣ ከዚያ ተመልሶ 1.0910 ደረሰ። ግምታቸው ትክክል ነበር። አንደኛው በ0.01 ሎት ነው የገባው፤ ዋጋው 40 ፒፕ ሲወርድ 4 ዶላር ጎድሎ ታየው፣ መጨረሻ ላይ 6 ዶላር አተረፈ። ሁለተኛው በ0.20 ገባ። አንድ ለ500 የሆነ ሌቨሬጅ ስላለው 21,700 ዶላር የሚያወጣውን ዩሮ ለመያዝ የታገደበት መያዣ ወደ 43 ዶላር ብቻ ነበርና ስልኩ አልከለከለውም። ግን እያንዳንዱ ፒፕ 2 ዶላር ነው። ብዙ ብሮከሮች የቀረው ገንዘብ ከመያዣው ግማሽ ሲደርስ ንግዱን በራሳቸው ይዘጋሉ። እዚህ ግማሹ ወደ 22 ዶላር ነው፤ 78 ዶላሩ በ39 ፒፕ አለቀ፣ ንግዱም ተዘጋ። ዋጋው ሊመለስ አንድ ፒፕ ቀርቶት ነበር። ያመለጠው ትርፍ 120 ዶላር ነው፤ የገበያውን አቅጣጫ ማወቁ አልጠቀመውም።

«በ6 ዶላር ማን ይኖራል?» የሚለው ተቃውሞ ተገቢ ነው። ሆኖም ስድስት ዶላሩ የሚያሳየው 100 ዶላር ትንሽ መሆኑን እንጂ ሎቱ ማነሱን አይደለም። በትንሽ ገንዘብ የወር ወጪ ለመሸፈን የሚሻ ሰው ሎቱን ከማሳደግ ሌላ መንገድ የለውም፤ ያን ጊዜ ደግሞ ተራ የሆነ የቀን ውጣ ውረድ ያጠፋዋል። የአውሮፓ ኅብረት የገበያ ተቆጣጣሪ በ2010 ዓ.ም. እንዳስታወቀው፣ ፎሬክስን ጨምሮ በዚህ ዓይነት የብድር ንግድ ከሚሳተፉ የግለሰብ ሒሳቦች ከ74 እስከ 89 ከመቶ የሚሆኑት ይከስራሉ። የወሰደው እርምጃ ልብ ይባል፤ በዋና ዋና ጥንዶች ሌቨሬጁን ወደ አንድ ለ30 አወረደው። በዚያ ደንብ 100 ዶላር ያለው ሰው ሊይዝ የሚችለው 3,000 ዶላር ገደማ ነው፤ በEUR/USD ከ0.02 ሎት አያልፍም። ተቆጣጣሪው የሰዎችን ግምት ማስተካከል አይችልም፤ የሎቱን ጣሪያ ግን ዝቅ ማድረግ ቻለ።

ሌላው መከራከሪያ «ስቶፕ ሎስ አስገባለሁ፣ ሎቱ ቢበዛ ምን አለበት?» የሚል ነው። ስቶፕ ሎስ ማስገባት ግድ ነው፣ ግን ቃል የሚገባው ንግዱ እንዲዘጋ እንጂ በዚያው ዋጋ እንዲዘጋ አይደለም። የስዊዘርላንድ ማዕከላዊ ባንክ አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ እንዳይወርድ ከሦስት ዓመት በላይ ጠብቆ ቆይቶ ጥር 7 ቀን 2007 ዓ.ም. ድንገት ተወው፤ ዋጋው በደቂቃዎች ውስጥ ከአንድ ፍራንክ በታች ወደቀ። ከ1.20 ትንሽ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ስቶፕ በመንገዱ ገዢ አላገኘም። ካስያዙት በላይ ከስረው ባለዕዳ የሆኑ ደንበኞች ነበሩ፣ አልፓሪ የተባለው የእንግሊዝ ብሮከርም በዚሁ ሳቢያ ወደቀ። እንዲህ ያለ ቀን ብርቅ ነው፤ ሲመጣ ግን ከለላ የሚሆነው ሎቱ ማነሱ ብቻ ነው። ለእኛ ሀገር ነዋሪ ደግሞ ካፒታል ወደ ውጭ የማውጣቱ በር ገና አልተከፈተምና፣ ልምምዱ እውነተኛ ገንዘብ በሌለበት የዴሞ ሒሳብ ቢሆን ይሻላል፤ ስሌቱ አንድ ነው።

ስሌቱም ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚሄደው። በመጀመሪያ በዚህ ንግድ ላጣው የምፈቅደው ስንት ነው ይባላል፤ ከ100 ዶላር ላይ 2 ዶላር እንበል። ቀጥሎ ግምቴ ስሕተት መሆኑ የሚታወቀው ከስንት ፒፕ በኋላ ነው ይባላል፤ 20 ፒፕ እንበል። 2 ዶላር ለ20 ሲካፈል ለአንድ ፒፕ 10 ሳንቲም ይደርሳል፤ ያ 0.01 ሎት ነው። ገበያው ሰፋ ብሎ ሲዋዥቅ ርቀቱ 50 ፒፕ መሆን ካለበት ለአንድ ፒፕ የሚደርሰው 4 ሳንቲም ብቻ ነው፤ ብዙ ብሮከሮች ከሚሰጡት ትንሹ ሎት እንኳ ይበልጠዋል። ያን ጊዜ የሚበጀው ስቶፑን ወደ 20 መሳብ አይደለም፤ ርቀቱን የወሰነው ገበያው እንጂ ኪሳችን አይደለምና። ያ ንግድ ለ100 ዶላር ሒሳብ አይሆንም፣ አይከፈትም።