«አጸፋ» የሚለው ቃልና የሦስተኛው የእንቅስቃሴ ሕግ አቀራረብ

የፊዚክስ መምህር ሦስተኛውን የእንቅስቃሴ ሕግ በሚያስተምርበት ዕለት ብዙውን ጊዜ በጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ ይኸውም «ለእያንዳንዱ ድርጊት እኩልና ተቃራኒ የሆነ አጸፋ አለ» የሚለው ነው። ተማሪው ይህን በቃሉ ይይዛል፤ በፈተና ላይም ባዶውን ቦታ በትክክል ይሞላል። ይሁን እንጂ ድሬዳዋ ውስጥ ከቀፊራ ገበያ ሸቀጥ ጭኖ የሚወጣውን የፈረስ ጋሪ የተመለከተ ልጅ አንድ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። ፈረሱ ጋሪውን ወደ ፊት በሚስብበት መጠን ጋሪው ፈረሱን ወደ ኋላ የሚስብ ከሆነ፣ ጋሪው እንዴት ሊንቀሳቀስ ይችላል? ይህን የሚጠይቅ ተማሪ ሕጉን በቃሉ ይዞ ዝም ካለው ይልቅ ለትምህርቱ የቀረበ ነው። «ፈረሱ ስለሚበረታ ያሸንፋል» የሚል መልስ ቢሰጠው ግን በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ሕግ እዚያው ተሻረ ማለት ነው።

የስሕተቱ አንዱ ምንጭ ቃሉ ራሱ ነው። በአማርኛ አጸፋ የሚባለው አስቀድሞ ለተደረገ ነገር ኋላ የሚመለስ ምላሽ ነው። የተመታ ሰው አጸፋውን ይመልሳል፤ ቢዘገይም፣ ቢያበዛም፣ ጭራሹኑ ቢተወውም ይችላል። በሕጉ ውስጥ ግን ከእነዚህ አንዱም የለም። ሁለቱ ኃይሎች በአንድ ቅጽበት ይፈጠራሉ፤ በአንድ ቅጽበትም ይጠፋሉ። የትኛው «ድርጊት» የትኛው «አጸፋ» እንደሆነ የሚወስን አንዳችም የተፈጥሮ ምልክት ስለሌለ ስሞቹን ቢለዋውጧቸው ምንም የሚዛባ ነገር የለም። ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ሕጉን በዚህ አጭር መልክ ካስቀመጠ በኋላ፣ ሁለት አካላት አንዳቸው በሌላው ላይ የሚያሳድሩት ኃይል ምንጊዜም እኩልና አቅጣጫው ተቃራኒ መሆኑን በመግለጽ አብራርቶታል። ለማስረጃ ካቀረባቸው ምሳሌዎች አንዱም በገመድ የታሰረ ድንጋይ የሚጎትት ፈረስ ነው። ትምህርት ቤት የደረሰው የመጀመሪያው ሐረግ ሲሆን፣ «ሁለት አካላት» የሚለው ዋናው ቁም ነገር በመንገድ ላይ ቀርቷል።

ወደ ጋሪው እንመለስ። ፈረሱ 300 ኪሎ ግራም፣ ጋሪው ከነጭነቱ 400 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል። የመንኮራኩሮቹ ሰበቃና የመንገዱ ተቃውሞ በድምሩ 150 ኒውተን ነው። ጋሪው ከቆመበት ተነሥቶ ፍጥነቱ በየሰከንዱ 0.5 ሜትር በሰከንድ ይጨምራል። ጋሪውን ብቻ ነጥለን ብናይ፣ ለ400 ኪሎ ግራም ይህን ያህል የፍጥነት ለውጥ ለመስጠት 200 ኒውተን የተጣራ ኃይል ያሻል፤ በዚህ ላይ ተቃውሞው 150 ኒውተን ስለሚታከል ፈረሱ ጋሪውን በ350 ኒውተን ይስባል። ስለዚህ ጋሪውም ፈረሱን ወደ ኋላ የሚስበው በ350 ኒውተን ነው፤ ከዚህ አንድ ኒውተን እንኳ አያንስም። አሁን ደግሞ ፈረሱን ብቻ እንይ። ወደ ኋላ 350 ኒውተን እየተሳበ ፍጥነቱን ለመጨመር የራሱ 300 ኪሎ ግራም 150 ኒውተን የተጣራ ኃይል ይፈልጋል። በመሆኑም ወደ ፊት የሚገፋው ኃይል 500 ኒውተን መሆን አለበት። ይህን የሚያሳድርበት ማን ነው? ጋሪውም ሆነ ባለ ጋሪው አይደለም፤ መሬቱ ነው። ፈረሱ በኮቴው መሬቱን ወደ ኋላ በ500 ኒውተን ሲገፋ መሬቱ ፈረሱን በ500 ኒውተን ወደ ፊት ይገፋዋል።

እንግዲህ የልጁ እንቆቅልሽ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ 350 ኒውተኖች እኩልና ተቃራኒ ቢሆኑም፣ አንዱ ያረፈው በጋሪው፣ ሌላው በፈረሱ ላይ ስለሆነ የጋሪውን እንቅስቃሴ ለማወቅ እርስ በርስ አይጣፉም። የሚጣፉ ኃይሎች በአንድ አካል ላይ ያረፉ ብቻ ናቸው። ጋሪው ባልተለወጠ ፍጥነት መሄድ ሲጀምር ጥንዱ ወደ 150 ኒውተን ይወርዳል፤ ያን ጊዜም እኩልነቱ እንደ ተጠበቀ ነው። «እኩል የሚሆኑት ጋሪው ሲቆም ብቻ ነው» የሚለው እምነት በክፍል ውስጥ ሥር የሰደደ በመሆኑ መምህሩ ሁለቱንም ስሌቶች ጎን ለጎን ማሠራት ይኖርበታል። ጋሪው በደቻቱ ደረቅ አሸዋ ውስጥ ቢገባስ? ተቃውሞው ይበዛል፤ ኮቴውም እየተንሸራተተ መሬቱ ወደ ፊት የሚሰጠው ግፊት ይቀንሳል። ጋሪው የሚቆመው በዚህ ምክንያት እንጂ ጋሪው ፈረሱን «ስላሸነፈው» አይደለም። (በባቡር ሐዲድ ላይ ነገሩ በተገላቢጦሽ ነው፤ እዚያ አሸዋ የሚረጨው ጎማው እንዳይንሸራተት ነው። ድሬዳዋ ባቡር ከገባባት ከ1895 ዓ.ም. ወዲህ ስለ ባቡር የሚያውቅ ሰው ያላጣች ከተማ ስለሆነች፣ መምህሩ ይህን የሚያስረዳ ጡረተኛ በቅርብ ሊያገኝ ይችላል።)

ሁለተኛው ስሕተት ይበልጥ የተሸሸገ ነው፤ መምህራንም ሳይቀሩ ይወድቁበታል። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ መጽሐፍ ተስሎ፣ ክብደቱ «ድርጊት»፣ የጠረጴዛው ግፊት «አጸፋ» ይባላል። ሁለቱ እኩልና ተቃራኒ ስለሆኑ ማንም አይጠራጠርም። ነገር ግን ሁለቱም ያረፉት በአንድ መጽሐፍ ላይ ነው። ስለዚህ የሦስተኛው ሕግ ጥንድ ሊሆኑ አይችሉም። ስሕተቱን ለማጋለጥ የገበያ ሚዛን ይበቃል። 500 ኒውተን የሚከብድ የሽንኩርት ከረጢት በሚዛን ላይ ይቀመጥና አንድ ተማሪ ከላይ በ100 ኒውተን ይጫነው። የሚዛኑ ግፊት ወደ 600 ኒውተን ይወጣል፤ የከረጢቱ ክብደት ግን ያው 500 ኒውተን ነው። ጥንድ ቢሆኑ ኖሮ ሊለያዩ ባልቻሉም ነበር። በመጀመሪያ እኩል የነበሩት ከረጢቱ በዕረፍት ላይ ስለሆነ፣ ማለትም በሦስተኛው ሳይሆን በሁለተኛው ሕግ መሠረት ነው። የክብደቱ እውነተኛ ጥንድ ከረጢቱ መሬትን ወደ ላይ የሚስብበት 500 ኒውተን ሲሆን፣ የሚዛኑ ግፊት ጥንድ ደግሞ ከረጢቱ ሚዛኑን ወደ ታች የሚጫንበት 600 ኒውተን ነው።

ትልቁ በትንሹ ላይ የበለጠ ኃይል ያሳድራል የሚለው ሦስተኛ እምነት በሌላውም ዓለም የታወቀ ነው። ሄስተነስ፣ ዌልስና ስዋክሃመር በ1992 እ.ኤ.አ. ባወጡት የኃይል ጽንሰ ሐሳብ መመዘኛ ውስጥ የጭነት መኪናና የትንሽ አውቶሞቢል ግጭት የተካተተው ይህንኑ ለመፈተሽ ነው። በእኛ መንገድ 8000 ኪሎ ግራም የሆነ የጭነት መኪና 400 ኪሎ ግራም ከሆነ ባጃጅ ጋር ቢጋጭ ኃይሎቹ እኩል ናቸው፤ የፍጥነት ለውጣቸው ግን 20 እጥፍ ይለያያል። የጭነት መኪናው ፍጥነት በሰዓት በ2 ኪሎ ሜትር ሲለወጥ የባጃጁ በ40 ኪሎ ሜትር ይለወጣል። ዓይን የሚያየው ጉዳቱን ስለሆነ ተማሪው ጉዳቱን ከኃይሉ ጋር ያምታታል።

በሰሌዳው ላይ መጻፍ የሚገባው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ያለ ነው፦ «ሀ በለ ላይ የሚያሳድረው ኃይል፣ ለ በሀ ላይ ከሚያሳድረው ኃይል ጋር በመጠን እኩል፣ በአቅጣጫ ተቃራኒ ነው።» ተማሪው የአንዱን ኃይል ጥንድ ሲጠየቅ ሁለቱን ስሞች ብቻ ያለዋውጣል። ፈረስ በጋሪ ላይ፤ ጋሪ በፈረስ ላይ። መሬት በከረጢት ላይ፤ ከረጢት በመሬት ላይ። «ጠረጴዛ በመጽሐፍ ላይ» የሚለው ሲገለበጥ «መጽሐፍ በጠረጴዛ ላይ» እንጂ «መሬት በመጽሐፍ ላይ» ሊሆን እንደማይችል ያለ ማስረጃ ይታያል። የፈተና አዘጋጆችም ባዶ ቦታ ማስሞላቱን ትተው፣ ባጃጅ የተበላሸ የጭነት መኪና ከኋላ እየገፋ ፍጥነቱን ሲጨምር ማን ማንን ይበልጥ እንደሚገፋ ቢጠይቁ፣ ሕጉን የተረዳውንና በቃሉ የያዘውን ተማሪ በአንድ ጥያቄ ለይተው ያገኙታል።