«ይበላሉ» እና «ትበላላችሁ»፦ በቃላት ማውጫ ውስጥ ስላደረ ደረሳ የተጻፈ አጭር ልብ ወለድ ሲመረመር

ደራሲው ስሙ እንዲገለጽ ባይፈቅድም ለአዘጋጆቹ የላከው አጭር ልብ ወለድ በቁርአን ጥናት ላይ ላለን ሰዎች ብዙ የሚያነጋግር ነው። ታሪኩ የአንዲት ሌሊት ታሪክ ነው። አባቱ የሞተበት ደረሳ ውርሱን ለያዘበት አጎቱ ደብዳቤ ይጽፋል። በደብዳቤው ላይ ሊያሰፍረው የፈለገው አንድ አንቀጽ አለ። ከልጅነት ሼሁ አፍ የሰማው ይህ አንቀጽ ግን ሙሉ በሙሉ አይታወሰውም። የቀረው «ቱራስ» የሚለው ቃል፣ የመብላት ትርጉም፣ በመጨረሻም «ማ» የሚል ድምፅ ብቻ ነው።

መፈለጊያው ሙሐመድ ፉኣድ ዐብዱልባቂ በ1945 ካይሮ ላይ ያሳተሙት አል-ሙዕጀሙል ሙፈህረስ ነው። ይህ ማውጫ ቃላትን የሚደረድረው እንደሚነበቡበት ፊደል ሳይሆን እንደ ሥራቸው ነው። ደረሳው «ቱራስ»ን በ«ታ» ክፍል ይፈልጋል፤ አያገኘውም። ቃሉ ከቁርአን ውስጥ የሌለ እስኪመስለው ይጨነቃል። ደራሲው እንቆቅልሹን የፈታበት መንገድ የሰርፍን ትምህርት በሚገባ የሚያውቅ ሰው መሆኑን ያሳያል። ደረሳው ገጾቹን ሲገልጥ «ተቅዋ»ም በ«ታ» ክፍል እንደሌለ ያስተውላል፤ ተቅዋ ደግሞ ከቁርአን ሊጠፋ አይችልም። የተቅዋ «ታ» ከ«ዋው» የተለወጠ መሆኑን ያን ጊዜ ያስታውሳል። «ቱራስ»ም እንዲሁ ነው፤ ሥሩ «ወረሰ» ነው።

ከዚህ ግኝት በፊት ያለው የሐሰት ግኝት ግን የታሪኩ እምብርት ነው። ደረሳው ቃሉን ባጣ ጊዜ ወደ «አከለ» ሥር ይዞራል። ሙዕጀሙ የእያንዳንዱን ግሥ ቅርጽ ለየብቻ ስለሚያቀርብ «ይበላሉ» ከሚለው ሥር ይገባል። እዚያ የየቲሞችን ገንዘብ በግፍ የሚበሉ ሰዎች የሚወገዙበትን የሱረቱ ኒሳእ 10ኛ አንቀጽ ያገኛል። ለበደሉ የተሰፋ ልብስ ይመስላል፤ ወዲያውኑ በደብዳቤው ላይ ያሰፍረዋል። ነገር ግን ጋደም ሲል ጆሮው አላርፍ ይለዋል፤ ያ አንቀጽ የሚያበቃው በ«ራ» እንጂ በ«ማ» አይደለምና።

«ትበላላችሁ» የሚለውን ዝርዝር ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልከፈተም። ቢከፍተው ኖሮ የፈለገውን እዚያው ባገኘ ነበር። ደራሲው ይህን በአንድም ቃል አይነግረንም፤ አንባቢው ራሱ እንዲደርስበት ትቶታል። ደረሳው በላዩን ሲያስብ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነበር የሚታየው።

ለንጋት ጥቂት ሲቀር በ«ዋው» ክፍል የሚያገኘው አንቀጽ የሱረቱል ፈጅር 19ኛ ነው። ቀጥታ ለሰሚው የሚናገር ነው፤ ውርስን ሳትለዩ አግበስብሳችሁ ትበላላችሁ የሚል ትርጉም አለው። ሙፈሲሮች ሲያብራሩት ዐረቦች ለሴቶችና ለሕፃናት ድርሻ ሳይሰጡ የእነርሱንም ይበሉ እንደነበር ያስታውሳሉ። ደረሳው እዚህ ላይ ታናሽ እኅቱ ትታወሰዋለች። ከአባታቸው የተረፈውን ጥቂት ከብት ሸጦ መማሪያው ሲያደርግ ድርሻዋን አልሰጣትም። ደብዳቤውን ያጥፈዋል፤ ለሱብሕ አዛን ይሰማል። የሱራው ስም «ንጋት» መሆኑንም ደራሲው አያነሳም፤ ማለፉ ተገቢ ነው።

አንድ ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቀርቷል። ፍጻሜው የቆመው «ትበላላችሁ» በሚለው ንባብ ላይ ነው። ይህ የሐፍስ ሪዋያ ነው፤ ሙዕጀሙም የተዘጋጀው በዚሁ ሪዋያ በታተመው ሙስሐፍ ላይ ነው። በአቡ ዐምር ቂራአት ግን የዚህ ሱራ ከ17ኛ እስከ 20ኛ አንቀጽ ያሉት ግሦች በ«ያ» ይነበባሉ፤ «ይበላሉ» ማለት ነው። ሼሁ በዚህ ቂራአት ያቀሩ ከነበሩ፣ ደረሳው «ይበላሉ» ብሎ መፈለጉ የልቡ ስንፍና ሳይሆን የትዝታው ታማኝነት ይሆናል። ማውጫውም ሊያገናኘው የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው። ሼሁ የትኛውን ቂራአት እንደሚቀሩ በአንዲት ዐረፍተ ነገር ቢገለጽ ይህ ጥርጣሬ በተወገደ ነበር።

በመጨረሻው አንቀጽ ደረሳው ስለ ጸጸቱ የሚናገረው ረጅም ንግግርም ቢቀር ይሻላል። እኅቱን ማስታወሱና ደብዳቤውን ማጠፉ በቂ ነበር። የታጠፈው ደብዳቤ ለአጎቱ ይላክ አይላክ ደራሲው ሳይወስን ትቶታል። እንዲህ መተዉ ፍትሐዊ ነው፤ የአጎትዬው በደል የደረሳው ጥፋት በመገለጡ አልተሰረዘምና። የእኅቱ ድርሻ ግን የማንንም መልስ አይጠብቅም።