ውሳኔ ያልጠየቀው ስላይድ

የምገመግመው ሥራ አንድ ገጽ ነው፤ ያውም የፓወር ፖይንት ገጽ። የጻፉት የቦይንግ መሐንዲሶች ናቸው፤ የተጻፈውም ለናሳ ኃላፊዎች ነው። ገጹ ዛሬ የሚታወቀው በኮሎምቢያ አደጋ መርማሪ ቦርድ ሪፖርት ውስጥ ስለታተመና ኤድዋርድ ተፍቲ የተባሉት የመረጃ አቀራረብ ምሁር መስመር በመስመር ስለተቹት ነው። እኔ ግን ተፍቲ ያዩትን ብቻ አላይበትም።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ኮሎምቢያ የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 16 ቀን 2003 ሰባት ጠፈርተኞች ይዛ ተነሣች። 82 ሰከንድ ያህል እንደበረረች ከነዳጅ ታንኩ የተገነጠለ ፎም የግራ ክንፏን መታው። በማግስቱ ቪዲዮውን ያዩት መሐንዲሶች ደነገጡ፤ ጉዳቱን የሚገመግም ቡድንም ተቋቋመ። ቡድኑ ውጤቱን ያቀረበው ጃንዋሪ 24 ጠዋት ሲሆን፣ ክፍሉ ከመሙላቱ የተነሣ የተረፈው ሰው ኮሪደር ላይ ቆሞ ነበር። ገለጻውን የሰሙት ኃላፊ ያንኑ ዕለት ለበረራው አስተዳደር ስብሰባ ጨምቀው አስተላለፉት። በዚያ ስብሰባ ጉዳዩ ለበረራው ደኅንነት የማያሰጋ፣ መንኮራኩሯ ስትመለስ በጥገና የሚታይ ነገር ተደርጎ ታለፈ።

አሁን ወደ ገጹ። ርዕሱ የሙከራ መረጃው ሲገመገም በሙቀት መከላከያ ታይሎቹ ላይ የተሠራው ስሌት ጥንቃቄ የተሞላበት ሆኖ መገኘቱን ይናገራል። ቸኩሎ የሚያነብ ኃላፊ ከዚህ የሚወስደው አንድ ነገር ነው፦ አያሳስብም። ከርዕሱ ሥር ነጥብ፣ ከነጥቡ ሥር ንዑስ ነጥብ፣ ከሥሩም ሌላ ይከተላል። «ጉልህ» ተብሎ ሊተረጎም የሚችለው የእንግሊዝኛ ቃል በአንድ ገጽ አምስት ጊዜ ይመጣል፤ አንዴም ምን ያህል እንደሆነ አልተለካም። ከሁሉ በታች፣ በመጨረሻዋ መስመር፣ የተሞከረው ፎም 3 ኪዩቢክ ኢንች፣ ክንፉን የመታው ግን 1,920 ኪዩቢክ ኢንች መሆኑ ተጽፏል። የመጀመሪያው የቡና ሲኒ አይሞላም። ሁለተኛው በ25 ሊትር ጀሪካን ተጠቅጥቆ ይተርፋል። 640 እጥፍ ነው! ስሌቱ ጥንቃቄ የተሞላበት ነው የሚለውን ርዕስ የሚያፈርሰው ቁጥር ገጹ ላይ አለ፤ የተቀመጠው ግን ማንም በማያይበት ጥግ ነው።

ተፍቲ ጥፋቱን በአብዛኛው ለፓወር ፖይንት ሰጥተውታል፤ ሐሳብን በነጥብና በንዑስ ነጥብ እየቆራረጠ ዋናውን ይቀብራል ባይ ናቸው። ትችታቸው እውነት አለው፤ ግን ግማሽ መንገድ ላይ የሚቆም ይመስለኛል። ያቺን መስመር አንሥተን ርዕስ እናድርጋት፦ «የመታን ፎም ከሞከርነው 640 እጥፍ ይበልጣል»። ኃላፊው አንብቦ «እሺ፣ ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?» ቢል ገጹ መልስ የለውም። ስለ ሁኔታው ይናገራል እንጂ ከአንባቢው የሚፈልገው ነገር የለም። እኛም ቢሮ እንዲህ ያለውን ሪፖርት እናውቀዋለን፤ የተከናወኑ ተግባራት፣ ያጋጠሙ ችግሮች፣ በመጨረሻም «የበላይ አካል ትኩረት ቢሰጠው»። ትኩረት ውሳኔ አይደለም። ትኩረት የሰጠ አለቃ ምንም ሳያደርግ ግዴታውን ተወጥቷል።

የሚያስቆጨው፣ መሐንዲሶቹ የሚፈልጉትን በደንብ ማወቃቸው ነው። ከገለጻው ቀናት በፊት ክንፉ በመከላከያ ሚኒስቴር መሣሪያዎች ከሕዋ ወይም ከምድር ፎቶ እንዲነሣ ጠይቀው ነበር። ጥያቄው የሄደው ግን በበረራው አስተዳደር መስመር ሳይሆን በምህንድስና ክፍል በኩል ነበር፤ ጃንዋሪ 22 ቀን የፎቶው ጉዳይ ተሰረዘ። ከላይ የተጠየቀው የግድ ያስፈልጋል ወይ የሚል ነበር። የግድ መሆኑን ለማሳየት ጉዳቱን ማወቅ፣ ጉዳቱን ለማወቅ ደግሞ ፎቶውን ማግኘት ያስፈልጋል። ከሁለት ቀን በኋላ ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት ይህ ቋጠሮ በግልጽ ጠረጴዛው ላይ መቀመጥ ነበረበት። ስላይዱ ግን ቋጠሮውን ትቶ የስሌት ውጤት ዘገበ።

እኔ ብሆን ገጹን እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«ዛሬ አንድ ውሳኔ እንጠይቃለን፤ የግራ ክንፉ ፎቶ ይነሣ። የምንጠይቀው ስሌታችን ጉዳቱን ሊነግረን ስለማይችል ነው፤ የመታን ፎም ከተሞከረው 640 እጥፍ ይበልጣል። ፎቶው የሚያስከፍለው መንኮራኩሯን ለማዞር የሚሄደውን የሥራ ሰዓት ነው። ፎቶ ካልተነሣ የምንመለሰው ጉዳቱን ሳናውቅ ነው፤ ይህንንም የሚቀበለው ይህ ስብሰባ መሆኑ በቃለ ጉባኤ ይያዝልን። የጠፈርተኞቹ አቅርቦት በየቀኑ ስለሚቀንስ መልሱን ዛሬ እንፈልጋለን።»

የዚህ ጽሑፍ ጉልበት ማጠሩ አይደለም። ዋናው አራተኛው ዓረፍተ ነገር ነው። ኃላፊ ብዙ ጊዜ ዝም የሚለው ዝምታው ውሳኔ ስላልመሰለው ነው። ዝም ቢል ምን እንደሚሆንና በማን ስም እንደሚሆን ሲጻፍለት ግን ዝምታውም ፊርማ ይሆናል። የቀን ገደቡም ለማስቸኮል ያህል የገባ አይደለም። መርማሪ ቦርዱ በኋላ ባስጠናው መሠረት፣ አየር የሚያጠራው ኬሚካል በቁጠባ ቢያዝ እስከ ፌብሩዋሪ 15 ሊያደርስ ይችል ነበር፤ አትላንቲስ የተባለችው ሌላ መንኮራኩር ደግሞ ዝግጅቷ በጊዜ ቢፋጠን ጠፈርተኞቹን ለማዳን ፌብሩዋሪ 10 ለመነሣት ትደርስ ነበር። እነዚህ ቀኖች በመሐንዲሶቹ እጅ አልነበሩም፤ ጃንዋሪ 24 ላይም የባከኑት ቀናት ብዙ ነበሩ። ስለዚህ አንድ ጥሩ ገጽ ሰባት ሰው ያድን ነበር አልልም። ፎቶውን አንፈልግም ያለ አለቃ በጥሩ ገጽም «አይሆንም» ሊል ይችላል። ግን «አይሆንም» ማለት ይኖርበት ነበር፤ ስላይዱ ከዚያ ገላግሎታል።

ጸሐፊዎቹን ለመውቀስ አልቸኩልም። ያደጉበት ትምህርት መረጃ፣ ትንተና፣ ድምዳሜ ብሎ ያስኬዳል። እኛም «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ተብለን ነው ያደግነው፤ ቋንቋችን ራሱ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ለፍርድ ቤትና ለሽምግልና ይህ ደግ ነው። ብዙ ጉዳይ ይዞ ስብሰባ ለገባ ኃላፊ ግን ፍሬው ይቅደም፤ ሥሩን ሲጠይቅ ይቆፈርለታል። አንድ ገጽ እንዲህ መጻፉን ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። ርዕሱንና የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ለባልደረባዎ ያንብቡለትና «ምን እየተጠየቅህ ነው?» ይበሉት። የቦይንግ ስላይድ ይህን ፈተና ወድቋል።

ኮሎምቢያ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003 ለማረፍ 16 ደቂቃ ሲቀራት ቴክሳስ ሰማይ ላይ ተበታተነች። መርማሪ ቦርዱ ካቀረባቸው ምክሮች አንዱ በሕዋ ላይ ያለች መንኮራኩር በየበረራው ፎቶ መነሣቷ መደበኛ አሠራር እንዲሆን ነበር፤ ማንም ጠያቂ፣ ማንም ፈቃጅ ሳያስፈልግ።