ሁለቱን ወገን የሚጠራ ሰላምታ፦ በእስቴ የሠርግ ንግግር አከፋፈት ላይ

በመካነ ኢየሱስና በዙሪያዋ ባሉ የእስቴ ቀበሌዎች ሠርግ የሚበዛው በጥር ነው፤ ከጥምቀት በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ። ዳስ ውስጥ ለመናገር የሚነሳ ሰው ስለ ሙሽሮቹ ከማውራቱ በፊት ሰላምታ ያቀርባል። ይህ ሰላምታ የንግግሩ ጌጥ ሳይሆን ዋናው ሥራው ነው ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቱ ዝምድና ነው። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ዘር እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻ አይፈቀድም። ስለዚህ በዳሱ የሚገናኙት ሁለት ወገኖች በደም የማይገናኙ ናቸው። በሌላ በኩል እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ በአማራ ገጠር ርስት የሚወረሰው በአባትም በእናትም በኩል ነበር። አንትሮፖሎጂስቱ አለን ሆበን በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የዳሞት ጥናት ይህን በስፋት ተንትነውታል። ከሙሽሮቹ የሚወለደው ልጅ የሁለቱም ቤት ሰው ነውና ተናጋሪው አንዱን ወገን ከሌላው ካስበለጠ ገና ያልተወለደውን ልጅ ግማሽ ዘመድ ያሳጣዋል።

የሙሽራዋ ወንድም በአባቱ ዳስ ቆሞ ይናገራል እንበል፦

«እንደምን ዋላችሁ! አባቶቼ ካህናት፣ ይፍቱኝ። አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ በእናንተ ፊት እንድናገር ፍቀዱልኝ። የሙሽራው ወገኖች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ቤቱ ቤታችሁ ነው። እናቴ፣ አባቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ።»

ከመጀመሪያው ሐረግ በኋላ ዳሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። «ይፍቱኝ» ሲል ካህኑ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይሉታል፤ «ፍቀዱልኝ» ሲል ደግሞ አንድ ሽማግሌ «ተናገር ልጄ» ይሉታል። ወጣቱ የመናገር መብት የሚያገኘው በእነዚህ መልሶች ነው። እንግዶቹን ከወላጆቹ ማስቀደሙም በደጁ ሆኖ የራሱን ቤት ማወደስ ስለማያምርበት ነው። ተናጋሪው ከሙሽራው ወገን ቢሆን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ባለዳሶቹን አመስግኖ የራሱን ወገን መጨረሻ ላይ ይጠራል።

በከተማ አዳራሽ የለመድነው «ክቡራትና ክቡራን» ለስብሰባ ይስማማል እንጂ ለዚህ አይበቃም። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይጠራል፣ ለማንም የመመለሻ ጊዜ አይሰጥም። ከዚህ የባሰው ስም መዘርዘር ነው። ባለሥልጣኑና ባለጸጋው በስም ተጠርተው የሙሽራው እናት ወንድም ቢዘለል፣ ቅሬታው ከሠርጉ በኋላም ይቆያል። ወገንን በጅምላ መጥራት፣ በስም ከተጠራም ወላጆችን ብቻ መጥራት ይሻላል።

ሰላምታው መያዝ አለመያዙ ወዲያው ይታወቃል። ሽማግሎች ካልመለሱ ተናጋሪው ተቻኩሏል፤ ወደ ሙሽሮቹ ከማለፉ በፊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባቶች፣ መርቁን» ይበልና ማይክሮፎኑን በዕድሜ ለሚበልጡት ሽማግሌ ይስጥ። እሳቸው ሲመርቁ ሁለቱም ወገን «አሜን» ይላል።